ታርጋውን አየኸው?

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው አስፋልት ደብረ ወርቅንና ፈለገ ብርሃንን እየነካ ይሄዳል። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ በምዕራብ በኩል የጮቄ ተራራ ከሩቅ ይታያል። ሜዳው ላይ ሹፌሩ እግሩን ዘና አድርጎ ይነዳል፤ መንገዱ ወደ ወንዝ ሲወርድ ደግሞ ማርሽ ይቀንሳል፣ ኩርባውን በጥሩምባ ያልፋል። መስመሩን የለመደ ሹፌር የትኛው ኩርባ ላይ መኪና እንደሚገለበጥ ያውቃል። ያም ሆኖ አደጋ የደረሰበት ቦታ ሲቃረብ እንደማንኛውም ሰው ፍሬን ይይዛል።

አንድ ቅጥቅጥ ተሳፋሪውን ሞልቶ በማለዳ ከቢቸና መናኸሪያ ወጣ እንበል። ችግር መኖሩን ቀድሞ የሚናገረው የተገለበጠው መኪና አይደለም፤ ሰው ነው። ጋቢውን ያጣፋ ገበሬ ዱላውን ይዞ ማሳውን እያቋረጠ ወደ መንገዱ ይሮጣል፣ ከኋላው ሴቶችና ልጆች ይከተላሉ። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ የተጣለ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያል፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ የተደረደረ ድንጋይ። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የሌለው ሹፌር የሚጠቀምበት ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፤ የማይረዳው ተጓዥ ግን የለም። በመጨረሻ መኪናው ይመጣል፦ በግራ በኩል አንድ አይሱዙ በጎኑ ተኝቷል፣ ጎማዎቹ ወደ መንገዱ ዞረዋል፣ ማዳበሪያ ጆንያው ቦይ ውስጥ ፈስሷል።

ሹፌሩ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል። በቀኝ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ «እግዚኦ!» የሚል አለ፣ «ማርያም ትድረስላቸው!» የሚል አለ፣ ልጇን ዓይኑን በነጠላ ሸፍና እሷ ግን የምታይ እናት አለች። ሹፌሩ በሩ ላይ ለተንጠለጠለው ረዳቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

«ታርጋውን አየኸው?»

«አማ ነው ጋሼ፤ ቁጥሩን አፈር ሸፍኖታል።»

«እስቲ ውረድና እይ።»

ቅጥቅጡ ይቆማል። ከኋላው የመጣው ዶልፊን ይቆማል፣ ከሞጣ በኩል የመጣው ሲኖትራክም ይቆማል።

ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? የተለመደው መልስ ወሬ ወዳድነት ነው። ትራፊክ ፖሊስም፣ የተሰላቸ ተሳፋሪም፣ አስተያየት ሰጪም ይህንኑ ይላል። ስድቡ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፣ ግን በዚህ መስመር ላይ የሚደረገውን ነገር ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ከቢቸና እስከ ሞጣ የሚመላለስ ሹፌር የሌላውን ሹፌር መኪና በቀለሙ፣ በኮፈኑ ላይ በለጠፈው ቅዱስ ሥዕል፣ በመስታወቱ ላይ ባጻፈው ቃል ይለያል። ተሳፋሪውም ቢሆን ትናንት ወንድሙን የሸኘ፣ ዛሬ እህቱን የሚጠብቅ ነው። አንገቱን የሚያዞረው «ምን ሆነ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የማን ነው?» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ምክንያቱም የተገለበጠ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ታርጋ ግን ቀርበው ካላነበቡት አይታይም።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች መነሻቸው የማይተዋወቅ ሰው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሱዛን ኦስተርቫይክ የተባለች የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያሳተመችው ጥናት ሰዎች ምርጫ ሲሰጣቸው ምን ማየት እንደሚመርጡ ፈተነ። ማንም ሳያስገድዳቸው የሞትና የጥቃት ሥዕል ለማየት የመረጡ ብዙዎች ሆነው ተገኙ። ደስ ስለሚላቸው አልነበረም፤ ማየት ከማስቀየሙ ጋር አብሮ ይስባቸው ነበር። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገጥመን አእምሯችን መረጃ ይፈልጋል፦ ምን መታው፣ እንዴት ሆነ፣ እኔስ ይደርስብኛል ወይ? አይሱዙው በጎኑ የተኛበትን ኩርባ ነገም የሚያልፍበት ሹፌር የጎማ ምልክቱን፣ የቦዩን ጥልቀት፣ የጭነቱን ከፍታ ማየቱ እንግዲህ ከንቱ ወሬ አይባልም። ሙያው ነው።

ማየቱ ግን ዋጋ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሞስት ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ በፍጥነት ከሚያልፉ ሥዕሎች መካከል አንዱን እንዲፈልጉ ታዘዙ። ከሚፈለገው ሥዕል ጥቂት ቀደም ብሎ የሚያሰቅቅ ሥዕል ሲመጣ፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተክሎ እያለ የሚፈልጉት አመለጣቸው። ቆይታው ከሰከንድ በታች ነው፤ ዓይን ያያል፣ አእምሮ ግን አይቀበልም። ሹፌር ላይ ሲደርስ ሁለት ነገር ይደራረባል፦ አንገቱን ሲያዞር ዓይኑ መንገዱን ይለቃል፣ አንገቱን ሲመልስም አእምሮው ገና አልተመለሰም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ይጓዛል። በዚያ 33 ሜትር ውስጥ ደግሞ ገበሬው ከነበሬው ሊሻገር ይችላል፣ ፊት ያለው ቅጥቅጥም ረዳቱን ለማውረድ ሊቆም ይችላል።

ለዚህ ነው አደጋ አደጋን የሚወልደው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሐሳባቸው ተሰርቆ የተጋጩ ሹፌሮች ሐሳባቸውን ምን እንደወሰደው ከፖሊስ ተለቅሞ ነበር። ከሁሉ የበለጠውን ድርሻ፣ 16 በመቶውን፣ የያዘው ሌላ አደጋ ወይም መንገድ ዳር የተከሰተ ነገር ማየት ነበር፤ ስልክ ከዚያ በታች ነበር። ጥናቱ ዛሬ ቢደገም ስልክ ይህን ያህል ዝቅ አይልም ብዬ እጠረጥራለሁ። አሁን ሹፌሩ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያደርጋል፦ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው እጁ አደጋውን ይቀርጻል።

መንገዱ እንዴት እንደሚዘጋ ለማየት ግን ከተማውንና ገጠሩን መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ አደጋ በአንድ በኩል ደርሶ ሌላኛው በኩል ይጨናነቃል። መሐል ላይ አጥር አለ፣ ከወዲያ ያለው መኪና ምንም አልከለከለውም፤ ግን ሹፌሩ ለማየት ያዘግማል። በኔዘርላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄሊኮፕተር ላይ ሆነው አደጋ የደረሰበትን አውራ ጎዳና ቀርጸው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ በአንድ መስመር የሚያልፈው መኪና ከተለመደው ወደ ግማሽ መውረዱን በ2008 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። መስመሩ አልጠበበም፣ የጠበበው የሹፌሩ ልብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት ቶማስ ሼሊንግ ይህንኑ በሒሳብ አስቀምጦታል። እያንዳንዱ ሹፌር ለማየት አሥር ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ከፊቱ 60 መኪና ቢኖር 600 ሰከንድ፣ ማለትም አሥር ደቂቃ ሆነ። ተራው ሲደርስ አሥር ደቂቃውን ከፍሏልና «ይህን ያህል ጠብቄ ሳላይ ልለፍ?» ይላል፣ እሱም አሥር ሰከንዱን ይወስዳል። ሁሉም ቢስማሙና ባያዩ ሁሉም ያተርፉ ነበር፤ ግን የሚስማሙበት መድረክ የላቸውም። ለማየት ራሱ የወሰደው አሥር ሰከንድ ሲሆን፣ አሥሩ ደቂቃ ግን ከፊት ያሉት ያስከፈሉት ነው።

ይህ ሒሳብ ግን ቢቸና ላይ አይሠራም። ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ በየሁለት ሰከንዱ መኪና አይመጣም። በደቂቃ አንድ መኪና ከያንዳንዱ አቅጣጫ ይመጣል ብንል እንኳ ለመስመሩ ሞቅ ያለ ቀን ነው። ሁሉም አሥር ሰከንድ አዘግመው ቢያልፉ ሰልፍ አይኖርም፤ ቀጣዩ ከመድረሱ በፊት የፊተኛው ሄዷል። ታዲያ ያ ሁሉ መኪና በየት በኩል ተከማቸ?

መልሱ ሜትር ላይ ነው። የአገራችን ባለ ሁለት መስመር አስፋልት ባብዛኛው 7 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የጭነት መኪና ወርድ 2 ሜትር ተኩል ነው። ቅጥቅጡ «ለአንድ አፍታ» ብሎ ከአስፋልቱ ሳይወርድ ቢቆም 4 ሜትር ተኩል ይቀራል፤ በዚያ ውስጥ አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ያልፋል፣ ሁለት ግን አይተላለፉም። አሁን ከሞጣ የመጣው ሲኖትራክ ትይዩ ሆኖ ቆመ። የቀረው 2 ሜትር ነው። በዚያ ባጃጅ ያልፋል፣ ሞተር ብስክሌት ያልፋል፣ በቅሎ ታልፋለች። አምቡላንስ አያልፍም። መንገዱን የዘጋው በጎኑ የተኛው አይሱዙ አይደለም፤ እሱ ከነጭነቱ ቦይ ውስጥ ነው። የዘጉት ሁለት ደህና የሆኑ መኪኖች ናቸው፣ ሁለቱም ሹፌሮች ወርደው ታርጋ እያነበቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ሦስተኛው ሹፌር በጎን አልፋለሁ ብሎ ከወዲያኛው አቅጣጫ ከመጣው ጋር ኮፈን ለኮፈን ይገጥማል፣ ሁለቱም «አንተ ወደ ኋላ በል» ይባባላሉ። ተሳፋሪው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይቆማል። በደቂቃ አንድ መኪና የሚመጣበት መንገድ በ40 ደቂቃ ውስጥ በያንዳንዱ በኩል 40 መኪና ያሰልፋል፣ ከጭነት መኪናው ጋር ተዳምሮ ከ400 ሜትር አያንስም።

40 ደቂቃ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። አደጋ ሲደርስ መኪናው ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ አይነካም። ፕላኑ የመኪናውን አቋቋም፣ የጎማውን ምልክት፣ የመንገዱን ስፋት በሜትር እየለካ የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚወሰነው፣ ኢንሹራንስም የሚከፍለው በዚያ ነው። ፖሊሱ ከከተማ እስኪደርስ ሁሉም ነገር እንዳለ ይቀመጣል። ፍሬን የያዘ ጎማ የተወውን ጥቁር መስመር ግን ሕዝቡ ይረግጠዋል፣ የተሰበረውን መስታወት ሕፃናት ያነሱታል፣ ሰልፈኛው መኪና ደግሞ በላዩ ያልፍበታል። ፖሊሱ መለኪያውን ይዞ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሰው መግፋት ነው።

እንግዲህ «አትቁሙ» ብሎ መገላገል ይቻላል? እዚህ ላይ ነው ከተማ ውስጥ የተጻፈ ምክር ጎጃም ላይ የሚሰበረው። ይህ ገጠር ነው። አምቡላንስ ቢጠራ እንኳ ከቢቸና ወይም ከሞጣ እስኪመጣ ደም አይጠብቅም። የተጎዳውን ሰው ሆስፒታል የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ የደረሰው መኪና ነው፦ የኋላ ወንበር ይለቀቃል፣ ነጠላ ይቀደዳል፣ አንዱ ራሱን ደግፎ ይይዛል። ኡኡታ የሰማ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ የሚሮጠው ለማየት ብቻ አይደለም፣ ኡኡ ተብሎ ቤት መቀመጥ ነውር ስለሆነ ነው። ሕጉም ከዚህ ጋር ነው፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ ጥሎ የሄደን ይቀጣል። ለመርዳት የቆመና ለማየት የቆመ ሰው ከመስታወት ውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው፤ ሊያይ ቆሞ ሊሸከም ይወርዳል።

የሚለያቸው ተራ ነው። መጀመሪያ የደረሱት ሁለት ሦስት መኪኖች ያስፈልጋሉ። አንዱ ቁስለኛ ይጭናል፣ አንዱ ስልክ የሚሠራበት ድረስ ሄዶ ይደውላል፣ የአንዱ ረዳት ቅጠል ይቆርጣል። አራተኛው ከደረሰ በኋላ ያለው ግን ሥራ የለውም፤ ሥራ እንደሌለው የሚያውቀው ደግሞ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ጠይቆ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል፣ መጀመሪያ ቁስለኛ የጫነው መኪናም ዞሮ ለመውጣት ጥሩምባ እየነፋ ነው።

ይህን ችግር አንዳንድ አገር በመጋረጃ ሊፈታው ሞክሯል። በእንግሊዝ አገር በአውራ ጎዳና ላይ አደጋ ሲደርስ ሊገጣጠም የሚችል ከፍ ያለ መጋረጃ ይተከላል፣ የወዲያኛው ሹፌር የሚያየው ነገር ስለሌለው ይሄዳል። አጥር ላለው ሰፊ መንገድ ጥሩ ነው። ሞጣ መንገድ ላይ መጋረጃ ብትተክል ግን ሕዝቡ መጋረጃውን ዞሮ ያያል፤ ሹፌሩም የበለጠ ይሰጋል፦ የተሸፈነ ነገር ሰው የሞተበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ካለው ግጭት የተነሳ ሹፌር ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ ድንጋይ መንገድ ላይ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው አደጋ ላይሆን ይችላል። ድንጋዩ የማስጠንቀቂያ ነው ወይስ መንገድ የመዝጊያ? ያንን ሳያውቅ በፍጥነት የሚያልፍ ሹፌር አታገኝም፣ ቢገኝም ጤነኛ አይደለም። ዛሬ ማዝገሙ ከድሮው የበለጠ ምክንያት አለው።

ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ያገኙት መላ ከመጋረጃ ይሻላል። የመጀመሪያው ረዳቶችን በሁለቱም ጫፍ ማቆም ነው። አንዱ ከቢቸና በኩል፣ አንዱ ከሞጣ በኩል ይቆማል፤ አንደኛው ሲያሳልፍ ሌላኛው ይይዛል፣ በ4 ሜትር ተኩል ውስጥ ሰልፉ ቀስ እያለ ይፈታል። ለመቆም የግድ የሆነበትን መኪና ደግሞ ጎማዎቹ የመንገዱ ትከሻ ላይ እስኪወርዱ ያስጠጉታል፣ ለዚያውም ከአደጋው ቢያንስ መቶ እርምጃ አሳልፎ እንጂ ፊት ለፊቱ አይደለም። ሁለተኛው መላ ወሬ ነው። ረዳቱ የመጣውን መኪና በር እየመታ «የባሕር ዳር አይሱዙ ነው፣ ሰው ደህና ነው፣ እለፍ!» ይላል። ሹፌሩ የፈለገው መልስ ሳይወርድ ደረሰው፦ የማን እንደሆነ አወቀ፣ እርዳታው እንደማያስፈልግ አወቀ። አንገቱ ቢዞርም እግሩ ነዳጁ ላይ ይቆያል። ታርጋ ለማንበብ የሚቆመው ሰው በቃል ከተነገረው አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል።

ነገሩ ሳያልቅ አንድ ሌላ ነገር መጥረግ ያስፈልጋል፣ እሱም ድንጋዩ ነው። መኪናው በክሬን ተነስቶ፣ ሰዉ ሁሉ ሄዶ፣ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ማታ መብራቱ ደከም ያለ ሲኖ ይመጣበታል። ማስጠንቀቂያውን ያስቀመጠው ረዳት እስከ መጨረሻው የሚቆይ ስላልሆነ የሚያነሳውም የለም፤ ፕላን ያነሳው ፖሊስ ከመሄዱ በፊት በቦታው ያለውን ወጣት አሰልፎ ቢያስነሳ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የረዳቱ ጩኸት የሚሠራው ግን ሰው ደህና ሲሆን ነው። ሰው ሲሞት ማንም አይጮኽም። መርዶ በዚህ አገር በመስኮት አይነገርም፤ ሽማግሌ ተይዞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው የሚረዳው፣ እስከዚያ «ታሟል» ነው የሚባለው። ዛሬ የተገለበጠው መኪና ፎቶ በቴሌግራም ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ቤት መግባቱ ብዙ ቤተሰብ ያቆሰለ ነገር ነው፤ ደግ ረዳት በአጠገቡ ከሚያልፈው ተሳፋሪ መካከል የሟች እህት ትኑር አትኑር አያውቅምና አፉን ይይዛል። «የማን ነው?» ሲባል «እለፍ ዝም ብለህ» ብቻ ይላል። ሹፌሩም ያን ጊዜ ይገባዋል። በሩን ይከፍትና ይወርዳል፣ ከኋላው ያለውም ይወርዳል።